ገዢ የሚያሳየው የክፍያ ስክሪንሾት እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ቸርቻሪዋ

ጤና ይስጥልኝ። የስልክ መለዋወጫ እቃዎችን እሸጣለሁ፤ እኔ በሌለሁበት ሰዓት ሽያጩን የምታከናውነው አንዲት ሠራተኛ ናት። ክፍያ የምንቀበልበት የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ የተከፈተው በእኔ ስልክ ቁጥር ስለሆነ፣ ገንዘብ ሲገባ መልእክቱ የሚደርሰው ለእኔ እንጂ ለእሷ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ገዢ 2,650 መክፈሉን የሚያሳይ ስክሪንሾት አሳይቷት እቃውን ይዞ ሄደ፤ ማታ ሒሳብ ስንተሳሰብ ግን ገንዘቡ አልገባም። ምስሉን ቀደም ብላ ወደ እኔ ልካው ስለነበር ደጋግሜ አየሁት፤ የድርጅቱ ዓርማ፣ የእኔ ስም፣ መጠኑ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የግብይት ቁጥሩ ሁሉም በየቦታቸው አሉ። ሠራተኛዬ እንዲህ ዓይነት ምስል ሲቀርብላት የትኛውን ክፍል ብትመረምር ሐሰተኛውን እንደምትለይ የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ዓይነ ጥሩ

እህቴ፣ ምስሉን በደንብ አጉልቶ ማየት ብዙ ነገር ያሳያል። የተነካካ ምስል ላይ መጠኑ የተጻፈባቸው አኃዞች ከሌላው ጽሑፍ ትንሽ ይወፍራሉ ወይም ከመስመሩ ዝቅ ይላሉ፤ ከአኃዞቹ ጀርባ ያለው ነጭ ቀለምም ከዙሪያው ነጭ ጋር አንድ ዓይነት አይሆንም። በስልኩ አናት ላይ ያለው ሰዓት ክፍያው ተፈጸመ ከሚባልበት ሰዓት የሚቀድም ከሆነ ነገሩ ያለቀለት ነው። በተጨማሪም በአንዳንድ አገልግሎቶች የአንድ ቀን የግብይት ቁጥሮች መጀመሪያ ላይ ያሉት ፊደላት ተመሳሳይ ናቸው፤ ስለዚህ በዚያው ዕለት ከገባልሽ ሌላ ክፍያ ቁጥር ጋር አስተያይተሽ መጀመሪያው ካልተመሳሰለ ሐሰተኛ ነው ማለት ነው። እነዚህን ለሠራተኛሽ ካስተማርሻት በቂ ይመስለኛል።

የሒሳብ መዝገብ

ከላይ የተሰጠው ምክር ጥንቃቄ የጎደለውን አታላይ እንደሚይዝ አልክድም፤ በቂ ነው በሚለው ግን አልስማማም፤ ምክንያቱን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ዛሬ ዛሬ ብዙው ሐሰተኛ ማስረጃ ከእውነተኛ ምስል ላይ እየተፋቀ የሚሠራ አይደለም። የአገልግሎቱን መተግበሪያ ገጽታ የሚመስሉ፣ ስምና መጠን ሲሞላባቸው «ክፍያው ተሳክቷል» የሚለውን ገጽ ከነአረንጓዴ ምልክቱ የሚያወጡ የሐሰት መተግበሪያዎች አሉ። በእነዚህ ላይ አኃዙ አይወፍርም፣ ጀርባውም አይለወጥም፤ ሰዓቱም የስልኩ ትክክለኛ ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም የተነካካ ነገር የለም። ገዢው ፊት ለፊትሽ ቆሞ «ላክ» የሚለውን ሲጫን ልታዪው ትችያለሽ፤ ያም ቢሆን አንድም ገንዘብ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ሁለተኛ፣ ምስሉ ሙሉ በሙሉ እውነተኛ ሆኖ ክፍያው የአንቺ ላይሆን ይችላል። ባለፈው ወር በትክክል የተከፈለ ደረሰኝ ቀኑ እንዳይታይ ተደርጎ ተቆርጦ ሊቀርብ ይችላል። ከአንቺ ጋር የመጀመሪያ ስሙ ብቻ ለሚመሳሰል ሰው የተላከም ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ገጹ ጥያቄው መመዝገቡን ብቻ የሚናገር እንጂ መጠናቀቁን የማይናገር ይሆናል። እንዲህ ያለውን ምስል የቱንም ያህል ብታጎዪው ጉድለት አይገኝበትም።

የግብይት ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያሉት ፊደላት ነገርም እንዲሁ ነው። አታላዩ በዚያው ጠዋት ለአንድ ሰው ትንሽ ገንዘብ ልኮ ያገኘውን እውነተኛ ቁጥር ምስሉ ላይ ቢያሰፍረው ፊደላቱ ከአንቺ ቁጥሮች ጋር ይገጥማሉ። ስለዚህ አለመመሳሰሉ ለጥርጣሬ ይበቃ እንደሆነ እንጂ መመሳሰሉ ለማመን አይበቃም።

ስለዚህ ጥያቄው ራሱ ቢለወጥ ይሻላል እላለሁ። ስክሪንሾት የሚነግርሽ በገዢው ስልክ ላይ ምን እንደታየ ነው፤ ማወቅ የምትፈልጊው ግን በአንቺ ሒሳብ ውስጥ ምን እንደገባ ነው። የሚመረመረውም ወደ ራስሽ ስልክ የመጣው መልእክት ነው፤ እሱንም ቢሆን እንዲሁ አናምነውም፤ በሒሳብ እንፈትነዋለን።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከሽያጩ በፊት ቀሪ ሒሳብሽ 8,317.40 ነበር እንበል። ገዢው 2,650 ልኬያለሁ ካለ በኋላ አዲስ ቀሪ ሒሳብሽ 10,967.40 መሆን አለበት። የመጣው መልእክት «ቀሪ ሒሳብዎ 12,400.00 ነው» ካለ፣ ወይም ቀሪ ሒሳብን ጨርሶ ካላነሣ፣ ያ መልእክት ከአገልግሎቱ የመጣ አይደለም ብለሽ እቃውን ያዢ። ሐሰተኛ መልእክት የሚልክ ሰው ስምሽን፣ ቁጥርሽንና የእቃውን ዋጋ ያውቃል፤ ሒሳብሽ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ግን አያውቅምና በግምት ይጽፋል፣ ሲገምትም አብዛኛውን ጊዜ የተጠጋጋ አኃዝ ይመርጣል። ከነጥቡ በኋላ ያለችው 40 እዚህ ላይ ትልቅ አገልግሎት ትሰጣለች፦ ሙሉ ቁጥር ሲደመርባት መጨረሻዋ አይለወጥም፤ ስለዚህ ሙሉውን ድምር ለመሥራት ጊዜ ያጠረው ሻጭ እንኳ መጨረሻዋን ዓይቶ ብቻ መጠርጠር ይችላል።

ቸርቻሪዋ

በጣም አመሰግናለሁ፤ ቀሪ ሒሳቡን እንዲህ አድርጌ አስተያይቼ አላውቅም ነበር። አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። ወደ እኔ ስልክ የሚመጣው መልእክት ሁልጊዜ በአገልግሎቱ ስም ከቀደሙት መልእክቶች ሥር ተከታትሎ ነው የሚገባው። በዚያው ተርታ ከገባ ከእነሱ የመጣ መሆኑ እርግጥ አይደለም እንዴ?

የጥገና ባለሙያ

ይህን እኔ ልመልስ፤ ሥራዬ ስልክ ነውና ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እርግጥ አይደለም። አጭር የጽሑፍ መልእክት ሲላክ በላኪ ቦታ ላይ ከስልክ ቁጥር ይልቅ ስም ማስቀመጥ ይቻላል፤ ስሙ እስከ 11 ፊደልና አኃዝ ሊይዝ ይችላል። ተቀባዩ ስልክ ያ ስም የእውነት የማን እንደሆነ የሚያጣራበት መንገድ የለውም። መልእክቶችን የሚያሰባስበው የላኪው ስም አንድ መሆኑን ብቻ አይቶ ስለሆነ፣ በተመሳሳይ ስም የተላከ ሐሰተኛ መልእክት ከእውነተኞቹ ሥር ገብቶ ይቀመጣል። የኔትወርክ አቅራቢዎች እንዲህ ያለውን ለማገድ ይሞክራሉ፤ የእገዳው ጥንካሬ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል።

በብዛት የማየው ግን ከዚህ የቀለለውን ነው። ሐሰተኛው መልእክት ከተራ የስልክ ቁጥር ይላካል፤ ሻጩ በሥራ ተወጥሮ ይዘቱን ብቻ ያነባል። የበለጠ የተዘጋጀው ደግሞ አስቀድሞ «ስልክህን ለአንድ ደቂቃ አውሰኝ፣ የኔ ባትሪ አልቋል» ብሎ ይቀበልና የራሱን ቁጥር በአገልግሎቱ ስም መዝግቦ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ከእሱ የሚመጣ መልእክት ሁሉ በአገልግሎቱ ስም ይታያል። ይህን ለማወቅ መልእክቱን ከፍቶ አናቱ ላይ ያለውን ስም መንካት ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ተራ የስልክ ቁጥር ከወጣ ከጀርባው ያለው ግለሰብ ነው። እንዲህ የተመዘገበ ስም ብዙ ጊዜ ከእውነተኞቹ መልእክቶች ተለይቶ በራሱ ተርታ ይቀመጣል፤ ስለዚህ በአንድ ስም ሁለት ተርታ ካያችሁ ጉዳዩን አጣሩ።

ምሥራቅ በር

እኔም በዚህ ተጎድቻለሁ። አንድ ሰው ደውሎ «በስሕተት 1,800 ልኬልሃለሁ፣ እባክህ መልስልኝ» አለኝ፤ መልእክቱም ደርሶኝ ስለነበር አዘንኩለትና መለስኩ። በኋላ ሳየው የገባልኝ ገንዘብ አልነበረም። እኔ የምለው ወደ አገልግሎቱ ደውሎ ገንዘቡን ማስመለስ ይቻላል ወይስ አይቻልም?

የሒሳብ መዝገብ

ወንድሜ፣ ያጋጠመዎት ነገር እዚህ ከተነሣው ትንሽ ይለያል፤ እርስዎ እቃ አልሸጡም። ማስመለስን በተመለከተ ቶሎ ማመልከት ይጠቅማል፤ ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ሳይወጣ ከተደረሰበት ሊታገድ ይችላል፣ ከወጣ በኋላ ግን ተስፋው የመነመነ ነው። እርስዎ የላኩት በራስዎ የሚስጥር ቁጥር ስለሆነ አገልግሎቱ እንደ ትክክለኛ ክፍያ ሊቆጥረውም ይችላል። ለሚቀጥለው ጊዜ ግን የሚያድንዎት ይኸው ከላይ ያነሣሁት የቀሪ ሒሳብ ድምር ነው፤ በእውነት በስሕተት የላከ ሰው ካለም ራሱ ለአገልግሎቱ አመልክቶ እንዲመለስለት መንገር ነው እንጂ እርስዎ በእጅዎ መላክ የለብዎትም።

ወርቅ አንጣሪ

ስለ ቀሪ ሒሳቡ ድምር አንድ ማስተካከያ አለኝ፤ ካልተነገረ ሰው ከሐቀኛ ገዢ ጋር ይጣላል። የእኔ ሒሳብ የነጋዴ ሒሳብ ነው፤ ከሚገባልኝ ክፍያ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ የሚቆረጠው ከመቶ 0.5 ቢሆን ከ2,650 ላይ 13.25 ይነሣና አዲሱ ቀሪ ሒሳብ 10,967.40 ሳይሆን 10,954.15 ይሆናል። ያች በነጥቡ መጨረሻ ያለች 40ም ተለወጠች ማለት ነው። እንዲህ ባለ ምክንያት አንዲት ገዢን ከግማሽ ሰዓት በላይ አስቁሜ ሳመላልሳት ገንዘቡ ለካ ገብቷል።

የሒሳብ መዝገብ

ትክክለኛ ማስተካከያ ነው፤ ማንሣት ነበረብኝ። አንዳንድ አገልግሎቶች ክፍያቸውን ወዲያው ይቆርጣሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የቀኑን ሁሉ ደምረው ማታ ያነሣሉ። ስለዚህ ማንም ሻጭ ከራሱ ሒሳብ ላይ ሁለት ሦስት የቆዩ እውነተኛ መልእክቶችን አውጥቶ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት አስቀድሞ ማስላት አለበት። የእርስዎ ሒሳብ በምን ዓይነት አካሄድ እንደሚቆረጥ አንዴ ካወቁ በኋላ ድምሩ አይለዋወጥም። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ፦ ሁለት ገዢዎች በተከታታይ ሲከፍሉ የኋለኛው መልእክት ቀድሞ ሊደርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቀሪ ሒሳቡ የተዘበራረቀ ይመስላል፤ ሁለቱንም ደምሮ ማየት ያስፈልጋል።

ከገበያ የወጣሁ

ሁላችሁም የዘነጋችሁት አንድ ዘዴ አለ፤ እኔ በቅርብ ካየሁት ነው የምናገረው። ገዢው መጀመሪያ በጣም ትንሽ ነገር ይገዛና በትክክል ይከፍላል፤ ለምሳሌ 120። ከዚያ «ገባልህ? እስቲ አሳየኝ፣ ኔትወርኩ ዛሬ አያስተማምንም» ይላል። ሻጩም በቅንነት ስልኩን አዙሮ መልእክቱን ያሳየዋል። በመልእክቱ ላይ ቀሪ ሒሳቡ ከነሽርፍራፊው ተጽፏል። ገዢው ትንሽ ዘወር ዘወር ብሎ ተመልሶ ትልቁን እቃ ይመርጣል፤ አሁን የሚመጣው ሐሰተኛ መልእክት ትክክለኛውን ቀሪ ሒሳብ ደምሮ የያዘ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው አኃዝ ሳይቀር ይገጥማል። ስለዚህ ድምሩ ገጠመ ብሎ መልቀቅ እንደማይበቃ እወቁ።

የሒሳብ መዝገብ

ይህ ከተነሡት ሁሉ የሚከብደው ነው፤ ስላነሡት አመሰግናለሁ። የድምሩ ጥንካሬ ያለው ቀሪ ሒሳቡን ሻጩ ብቻ የሚያውቀው እስከሆነ ድረስ ነው። ስለዚህ ገዢ መልእክት አሳየኝ ቢል፣ የገባውን መጠንና የላኪውን ስም በቃል መንገር ይቻላል፤ ስልክን ማዞር ግን አይገባም።

ለትልቅ ክፍያ ደግሞ ከመልእክት ወጥቶ ወደ ሒሳቡ ራሱ መግባት ነው። መልእክት ወደ እናንተ የሚመጣ ነገር ስለሆነ ማንም ሊልከው ይችላል፤ እናንተ ራሳችሁ የአገልግሎቱን አጭር ቁጥር በኮከብ ምልክት ደውላችሁ፣ ወይም መተግበሪያውን ከፍታችሁ፣ የሚስጥር ቁጥራችሁን አስገብታችሁ የምታገኙት መልስ ግን ከአገልግሎቱ የሚመጣ ነው። ቀሪ ሒሳብን ብቻ ሳይሆን የቅርብ ግብይቶችን ዝርዝር ተመልከቱ፤ መጠኑ፣ የላኪው ስምና የግብይት ቁጥሩ እዚያ ካለ ገንዘቡ ገብቷል፣ ከሌለ አልገባም። ሐሰተኛ መልእክቶች ብዙ ጊዜ «ለማረጋገጥ ይህን ይጫኑ» የሚል ማያያዣ ወይም የሚደወልበት ቁጥር ስለሚጨምሩ፣ የምትደውሉበትን አጭር ቁጥር ከመልእክቱ ላይ አትውሰዱ፤ ከዚህ በፊት የምታውቁትን ተጠቀሙ።

አንዳንድ አገልግሎቶች የግብይት ቁጥር አስገብቶ ደረሰኙን በድረ ገጻቸው ማየት የሚቻልበት መንገድ አላቸው። ይህም ይጠቅማል፤ ነገር ግን «ደረሰኙ ተገኝቷል» ማለት ለእናንተ ተከፍሏል ማለት አይደለም። የተቀባዩን ሙሉ ስም ወይም የቁጥሩን መጨረሻ፣ ቀኑንና ሰዓቱን አንብቡ። ቁጥሩ ከዚህ በፊት በሌላ ሽያጭ ላይ የቀረበ እንዳይሆንም መዝገብ ላይ መያዝ ያስፈልጋል፤ አንድ የግብይት ቁጥር ከአንድ ሽያጭ በላይ ሊያገለግል አይገባም።

ቸርቻሪዋ

ይህ ሁሉ እኔ እዚያው ስኖር የሚሠራ ነው። ሠራተኛዬ ግን ሒሳቤን መክፈት አትችልም፤ የሚስጥር ቁጥሬን ልሰጣት ደግሞ አልፈልግም። እስካሁን የምናደርገው «2,650 ገባ ወይ?» ብላ ትደውልልኛለች፤ እኔም አይቼ እመልሳለሁ። እኔ ስልክ ባላነሣሁ ጊዜ ነው ችግሩ የተፈጠረው።

ተረካቢ

እኔ እቃ አድራሽ ነኝ፤ ገንዘቡ የሚገባው ባለቤቱ ዘንድ ስለሆነ በየቀኑ የሚገጥመኝ ይኸው ነው። «2,650 ገባ ወይ?» የሚለው አጠያየቅ ራሱ አደገኛ ነው። ባለቤቱ በሥራ መካከል ሆኖ ጠዋት ከሌላ ሰው የገባውን 2,650 አይቶ «አዎ ገብቷል» ይላል። ይህ ደርሶብን ሁለት እቃ በአንድ ክፍያ ወጥቷል። አሁን የምጠይቀው ገልብጬ ነው፦ «መጨረሻ የገባልህ ስንት ነው? ከማን? በስንት ሰዓት?» ብዬ ዝም እላለሁ። እሱ የሚነግረኝ ሦስቱም ነገር ገዢው ከሚለኝ ጋር ከገጠመ አስረክባለሁ። የግብይት ቁጥሩን የመጨረሻ አራት ፊደላትም እሱ ያነብልኛል እንጂ እኔ አላነብለትም። ስልክ ካላነሣ እቃው ከእኔ ጋር ይቆያል፤ ይህን ለገዢው ገና ስንቀጣጠር እነግረዋለሁ፣ በር ላይ ደርሶ ከሚነገረው ያነሰ ያስከፋል።

ወርቅ አንጣሪ

የነጋዴ ሒሳብ ካለሽ ሌላ አማራጭም አለ። በብዙ አገልግሎቶች ለሠራተኛ የተለየ የገንዘብ ተቀባይ መግቢያ መክፈት ይቻላል፤ በዚያ የገባ ክፍያ ይታያል፣ ገንዘብ ማውጣት ወይም መላክ ግን አይቻልም። እኔ ይህን ካደረግሁ ወዲህ የሠራተኞቼ ስልክ ጥሪ ቀርቶልኛል። የግል ሒሳብ ከሆነ ግን ይህ የሚገኝ አይመስለኝም።

ዓይነ ጥሩ

የተባለውን ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን ምስል መመርመር ጨርሶ ዋጋ የለውም መባሉ አይዋጥልኝም። በግልጽ የተነካካ ምስል ያቀረበ ሰው ሌላ ማጣሪያ ሳያስፈልግ ወዲያው ይታወቃል፤ ጊዜም ይቆጥባል።

የጥገና ባለሙያ

በዚህም መጠንቀቅ ያሻል። በመልእክት መላኪያ መተግበሪያ በኩል የተላከ ምስል ስለሚጨመቅ የእውነተኛው ፊደል ራሱ ይደበዝዛል፣ ጠርዙም ይሸራረፋል። የስልኩን ፊደል ዓይነት ወይም መጠን የለወጠ ሰው የሚያነሣው ስክሪንሾትም ከለመድነው የተለየ ሆኖ ይታያል። ምስሉ ጥሩ አይመስልም ተብሎ ብቻ «አጭበርባሪ» የተባለ ሐቀኛ ሰው አውቃለሁ።

ምሥራቅ በር

ኔትወርክ ሲጠፋስ ምን ይደረጋል? ገዢው ከሒሳቡ ተቀንሶበታል፣ ሻጩ ዘንድ መልእክት አልደረሰም፣ ሒሳብ ለመክፈት ቢሞከርም አይከፍትም። ሰውየው እውነቱን ሊሆን ይችላል።

የሒሳብ መዝገብ

አዎ፣ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ መልእክት ሳይደርስ ገንዘብ የሚገባበት ጊዜ አለ። የመልእክት ማስቀመጫ ሲሞላ ወይም ሲጨናነቅ ይህ ይከሰታል፤ ያን ጊዜ የግብይቶቹን ዝርዝር መክፈት ይበቃል። ሒሳቡም ካልተከፈተ ግን ሻጩ ማረጋገጥ የሚችልበት መንገድ የለም። እኔ በበኩሌ እቃውን በገዢው ስም አስቀምጬ፣ የግብይት ቁጥሩን ጽፌ፣ መያዜን የሚገልጽ ወረቀት እሰጠዋለሁ፤ ኔትወርክ ሲመለስ ይወስዳል።

ከገበያ የወጣሁ

ይህ ለሻጭ ያመቻል እንጂ ለገዢ ፍትሐዊ አይደለም። ገንዘቡ ወጥቶበት፣ እቃውንም ሳይዝ፣ በወረቀት ብቻ እንዲሄድ ነው የምትጠይቁት፤ ሩቅ ከሚኖር ገዢ ይህን መጠበቅ ይከብዳል። ለቆየ ደንበኛና ለአነስተኛ መጠን ማስረከብ፣ ለማይታወቅ ሰውና ለትልቅ መጠን መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ፤ መጠኑን እያንዳንዱ ሻጭ ቢጠፋበት ሊሸከም በሚችለው ልክ ይወስን።

የሒሳብ መዝገብ

በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ በትንሽ መጠን የሚለመድ ሰው በትልቁ እንደሚመጣ እርስዎ ራስዎ ከላይ ጽፈዋል። የገዢው ቅሬታ ግን እውነት አለው።

ቸርቻሪዋ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ለሠራተኛዬ ምስል መመልከቱን ትታ፣ እቃ አድራሹ ወንድማችን እንዳሉት ገልብጣ እንድትጠይቀኝ ዛሬ ነግሬያታለሁ፤ የግብይት ቁጥር የምንጽፍበት ደብተርም ከፍተናል። የነጋዴ ሒሳብ ለመክፈት ደግሞ ነገ አመለክታለሁ። ለገንዘብ ተቀባይ በሚከፈተው መግቢያ ላይ ቀሪ ሒሳቡ ለሠራተኛዋ ይታያት እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል፤ ለእሷ ከታየ ገዢም ከትከሻዋ በላይ ሊያየው ይችላልና።

ወርቅ አንጣሪ

በእኔ ላይ የሚታየው የገባው ክፍያ ዝርዝር ብቻ ነው፤ ጠቅላላ ቀሪ ሒሳቡ ለእኔ እንጂ ለእነሱ አይወጣም። በሌላ አገልግሎት ሊለይ ስለሚችል ሲከፍቱልሽ እዚያው በሠራተኛዋ ስልክ አስገብተሽ ተመልከቺ።